ያልተጻፉት ደቂቃዎች፦ ስለ ሁሉን አቀፍ ምርታማ ጥገናና ስለ ማሽን ውጤታማነት ስሌት የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የጥገና ሥርዓትና ከእሱ ጋር አብሮ ስላደገ የስሌት ዘዴ ነው። ሥርዓቱ ሁሉን አቀፍ ምርታማ ጥገና ይባላል፤ በፋብሪካ አጠራር ቲፒኤም የምንለው ነው። ስሌቱ ደግሞ የማሽን አጠቃላይ ውጤታማነት፣ በአጭሩ ኦኢኢ ነው። ሁለቱም ሰፊ ናቸው፤ ሁሉንም ልዳስስ ብል ምንም ሳይጨበጥ እንለያያለን። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዤ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ማሽን ከሚያጠፋብን ምርት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያለው ኪሳራ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም። የኦኢኢ ስሌት ይህንን ያልተጻፈ ኪሳራ ፈልቅቆ ያወጣዋል፤ ቲፒኤም ደግሞ ኪሳራውን ሊያስቀር የሚችለው ሰው ማን እንደ ሆነ ይነግረናል።

በመጀመሪያ ሥርዓቱ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ልናገር። እዚህ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጃፓኖች የመከላከል ጥገናን በ1950ዎቹ ከአሜሪካኖች ተማሩ። ማሽን እስኪሰበር ከመጠበቅ በጊዜ ሰሌዳ መፈተሽ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። በዚያ አሠራር የሥራ ክፍፍሉ የታወቀ ነበር፤ ኦፕሬተሩ ያመርታል፣ የጥገና ክፍሉ ይጠግናል። ለቶዮታ የመኪና የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን የሚያመርተው ኒፖንዴንሶ፣ ዛሬ ዴንሶ የምንለው ኩባንያ፣ ፋብሪካዎቹን በአውቶማቲክ ማሽኖች ሲሞላ ግን ይህ ክፍፍል አላስኬደውም። ማሽኑ በዛ፤ መካኒኩ በዚያው ልክ አልበዛም። ስለዚህ የዕለት ተዕለቱ ጽዳት፣ ቅባት፣ ብሎን ማጥበቅና ፍተሻ ወደ ኦፕሬተሩ እጅ ተላለፈ። መካኒኩ ከበድ ላሉት ሥራዎች ጊዜ አገኘ። ኩባንያው በዚህ ሥራው በ1971 ዛሬ የጃፓን የፋብሪካ ጥገና ኢንስቲትዩት ከሚባለው ተቋም ሽልማት አገኘ። ሥርዓቱን መልክ አስይዞ ለዓለም ያስተዋወቀው ደግሞ የዚሁ ኢንስቲትዩት ሰው ሴይቺ ናካጂማ ነው።

ወደ እኛ አገር መንገዱን የጠረገው ካይዘን ነው። በ2009 በጃይካ ድጋፍ 30 ድርጅቶችን ይዞ የሙከራ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙዎቻችሁ በአምስቱ ማዎች ሥልጠና አልፋችኋል። የሥራ ቦታችሁን አጣርታችሁና አጽድታችሁ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማሽኑን የሚመለከተው ነው፤ ይህ ማሽን ማምረት ከሚገባው ውስጥ ምን ያህሉን እያመረተ ነው? ኦኢኢ የሚመልሰው ይህንን ነው።

ናካጂማ የማሽን ኪሳራዎችን በስድስት ከፈላቸው፤ ስድስቱን ደግሞ በሦስት ጥንድ አደረጋቸው። የመጀመሪያው ጥንድ ጊዜ ይበላል፤ የማሽን ብልሽት አንዱ ነው፣ ከአንድ ምርት ወደ ሌላ ለመቀየር የሚጠፋው የመገጣጠምና የማስተካከል ጊዜ ሌላው ነው። ሁለተኛው ጥንድ ፍጥነት ይበላል፤ ጥቃቅን መቆሞችና ማሽኑን ከሚገባው ፍጥነት በታች ማስኬድ። ሦስተኛው ጥንድ ምርቱን ራሱን ያበላሻል፤ በሥራ መሃል የሚወጣ ጉድለት ያለበት ምርትና ማሽኑ ተነሥቶ እስኪረጋጋ ድረስ የሚጣለው ምርት። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ መለኪያ አለ። ለመጀመሪያው ዝግጁነት፣ ለሁለተኛው አፈጻጸም፣ ለሦስተኛው ጥራት። ሦስቱ ሲባዙ ኦኢኢ ይሆናሉ።

ይህንን በቃል ብቻ ብተወው አይጨበጥም፤ በአንድ ምሳሌ እንሥራው። የታሸገ ውሃ የሚያመርት አንድ መስመር እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ እኔ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የሁኔታውን ጠባይ ግን እንዲህ ባለ መስመር ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የመስመሩ ልብ መሙያው ማሽን ነው። ማጠቢያው፣ መሙያውና መክደኛው በአንድ አካል ላይ ተገጥመዋል። ማሽኑ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ በሰዓት 12,000፣ ማለትም በደቂቃ 200 እንዲሞላ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ ፈረቃ 8 ሰዓት፣ 480 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ ለምግብና ለዕረፍት የተመደበውን 30 ደቂቃ እንቀንሳለን። በዚያ ጊዜ ማሽኑ እንዲሠራ ማንም አልጠበቀም። የቀረው 450 ደቂቃ የታቀደ የምርት ጊዜ ይባላል። ከዚህ በኋላ የሚጠፋው እያንዳንዱ ደቂቃ ኪሳራ ሆኖ ይቆጠራል።

የፈረቃው ሱፐርቫይዘር መዝገብ እንዲህ ይላል። ጠዋት ከአንድ ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ለመቀየር 35 ደቂቃ ወሰደ። ረፋድ ላይ የመክደኛው ራስ ተበላሽቶ 40 ደቂቃ ቆመ። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ማሽኑ እንደገና እስኪጀምር 15 ደቂቃ ሄደ። ድምሩ 90 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሥራ ላይ የነበረው 360 ደቂቃ ነው።

ዝግጁነት = 360 ÷ 450 = 80%

አሁን ወደ ሁለተኛው መለኪያ። ማሽኑ በእነዚህ 360 ደቂቃዎች ውስጥ በተሠራበት ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ በደቂቃ 200 ሂሳብ 72,000 ጠርሙስ ይሞላ ነበር። የማሽኑ ቆጣሪ ያሳየው ግን 54,000 ነው።

አፈጻጸም = 54,000 ÷ 72,000 = 75%

ከተሞሉት 54,000 ውስጥ 1,080ው ተጥለዋል፤ ግማሹ ክዳኑ ጠማማ፣ ግማሹ ውሃው የጎደለ። ለሽያጭ የሚበቃው 52,920 ነው።

ጥራት = 52,920 ÷ 54,000 = 98%

ኦኢኢ = 0.80 × 0.75 × 0.98 = 0.588፣ ማለትም 58.8%

ለምን እናባዛለን፣ ለምን አማካይ አንወስድም? እያንዳንዱ ኪሳራ የሚቆርሰው ከሱ በፊት ያለው ካስተረፈው ላይ ስለ ሆነ ነው። ብልሽቱ ከ450 ደቂቃ ላይ ወሰደ፤ የፍጥነት ጉድለቱ ከተረፈው 360 ላይ ወሰደ፤ ጥራቱ ደግሞ ከተመረተው ላይ ወሰደ። ስሌታችሁ ትክክል መሆኑን የምታረጋግጡበት ቀላል መንገድ አለ። በታቀደው 450 ደቂቃ ምንም ኪሳራ ባይኖር 90,000 ጠርሙስ ይመረት ነበር። ጥሩውን ምርት 52,920ን ለ90,000 አካፍሉት፤ ያው 58.8% ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ የሆነ ቦታ አንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ወይም ተረስቷል ማለት ነው።

እንግዲህ አሁን ልብ በሉልኝ። ከ90,000 ውስጥ 37,080 ጠርሙስ ጠፍቷል። በየፈርጁ እንመድበው። መዝገቡ ላይ የተጻፈው 90 ደቂቃ በ200 ሲባዛ 18,000 ጠርሙስ ነው። የተጣለው 1,080 ነው። የቀረው 18,000 ጠርሙስ የአፈጻጸም ኪሳራ ነው። ይህ የኋለኛው ኪሳራ ከብልሽቱ፣ ከምርት ቅያሪውና ከመብራቱ ድምር ጋር እኩል ነው። መዝገቡን ግን ገልብጣችሁ ብትፈልጉ አንድ መስመር አልተጻፈበትም። የመክደኛው ብልሽት ስብሰባ አስጠርቷል፣ መካኒክ አስሮጧል፣ መለዋወጫ አስጠይቋል። ያኛው 18,000 ጠርሙስ ያለ አንድ ቃል አለፈ።

ለምን አልተጻፈም? አንዱ ምክንያት ጥቃቅኖቹ መቆሞች እያንዳንዳቸው በጣም አጭር መሆናቸው ነው። ጠርሙስ መግቢያው ላይ ይሰነቀራል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ኦፕሬተሩ ያወጣዋል፣ አዝራሩን ይጫናል፣ ማሽኑ ይነሣል። ግማሽ ደቂቃ ነው። ይህንን ለመጻፍ ብዕር እስኪነሣ ድረስ ሌላ ጠርሙስ ይሰነቀራል። በብዙ ፋብሪካ የመዝገቡ ደንብ ራሱ ከ5 ወይም ከ10 ደቂቃ በታች የሆነ መቆም አይመዘገብም ይላል። ሁለተኛው ምክንያት የቀነሰ ፍጥነት በዓይን አለመታየቱ ነው። ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ጠርሙሱ እየመጣ ነው፤ በደቂቃ 180 ይሁን 200 ቆሞ የሚያይ ሰው አይለየውም። ሁለቱም ኪሳራዎች በቀጥታ አይታዩም፤ የሚገኙት ማሽኑ ሊያመርት ከሚችለው ላይ ያመረተውን በመቀነስ ብቻ ነው። የኦኢኢ ትልቁ ጥቅም ይህ መቀነስ ነው።

ይሁንና 75% የሚለው ቁጥር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ጥቃቅን መቆሙ ምን ያህል እንደ ሆነና የቀነሰው ፍጥነት ምን ያህል እንደ ሆነ መለየት አለብን። ለዚህ አንድ ሰዓት ማሽኑ አጠገብ መቆም ያስፈልጋል፤ ሰዓትና ወረቀት ይዞ። መጀመሪያ ማሽኑ ሳይቋረጥ በሚሄድበት ጊዜ የአንድ ደቂቃ ጠርሙስ ትቆጥራላችሁ፤ ደጋግማችሁ። በምሳሌያችን 180 ሆኖ ተገኘ እንበል። 54,000 ጠርሙስ በ180 ሲካፈል 300 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሥራ ላይ ነበረ ካልነው 360 ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ በእውነት የተንቀሳቀሰው 300 ደቂቃ ብቻ ነው። 60 ደቂቃው በጥቃቅን መቆም አልቋል። በጠርሙስ ስንመነዝረው ጥቃቅን መቆሙ 12,000፣ የቀነሰው ፍጥነት 6,000፤ ድምሩ ያው 18,000።

በዚያችው አንድ ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱን መቆም በምልክት ትይዛላችሁ፤ የት ቆመ፣ ምን አቆመው። 20 ጊዜ ቆመ እንበል፤ በአማካይ ግማሽ ደቂቃ፣ በድምሩ 10 ደቂቃ። በ6 ሰዓት 60 ደቂቃ ይሆናል፤ ከስሌታችን ጋር ይገጥማል። ከ20ው ውስጥ 12ቱ ባዶ ጠርሙስ መግቢያው ኮከብ ጎማ ላይ ሲሰነቀር የተከሰቱ ናቸው። 5ቱ ላይ ምንም ችግር ሳይኖር ሰንሰሩ ቁም ብሏል። 3ቱ ክዳን በመውረጃው ላይ ተይዞ ነው። ከዚህች ወረቀት በፊት ሰው ሁሉ ማሽኑ አርጅቷል ይል ነበር። አሁን ግን የት መሄድ እንዳለብን እናውቃለን፤ ወደ መግቢያው።

መግቢያው ላይ ምን ይገኛል? ባዶው ጠርሙስ ከመንፊያው ማሽን የሚመጣው በአንገቱ በሐዲድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በአየር እየተገፋ ነው። ጎኑን ደግፎ የሚያስገባው መሪ ሐዲድ አለ። ጠዋት ከአንድ ሊትር ወደ ግማሽ ሊትር ሲቀየር ይህ መሪ ሐዲድ በዓይን ግምት ነው የተስተካከለው፤ ልክ የሚያሳይ ምልክት የለውም። ከያዙት ብሎኖች ሁለቱ ላልተዋል። የአንገቱ ሐዲድ ላይ የፕላስቲክ ብናኝና አቧራ ተጋግሯል። ጠርሙሱ ጥቂት ሚሊሜትር ዘንበል ብሎ ይደርሳል፣ የኮከቡን ጥርስ ይስታል፣ ይሰነቀራል። ሰንሰሩ ጋ ስትሄዱ መነጽሩ ላይ የደረቀ የውሃ ጠብታ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ኦፕሬተሩን ለምን በ180 ታስኬደዋለህ ብላችሁ ጠይቁት። «በ200 ስናስኬደው መሰንቀሩ ይብሳል» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ፍጥነቱን የቀነሰው ሰንፎ አይደለም፤ ማሽኑ ካለበት ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ለመኖር ነው። የተጣሉትንም ጠርሙሶች ተከታተሉ፤ ብዙዎቹ የወጡት ማሽኑ ቆሞ በተነሣ ቁጥር ነው። መቆሙ መሙያው ሥር ያሉትን ጠርሙሶች ሳይሞሉ፣ መክደኛው ሥር ያሉትን ክዳናቸው ሳይጠብቅ ያስቀራቸዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ የላላ መሪ ሐዲድ ጥቃቅን መቆም ሆነ፣ የቀነሰ ፍጥነት ሆነ፣ የተጣለ ምርት ሆነ። በስሌቱ ሦስት ቦታ የታየው ኪሳራ መሬት ላይ ሥሩ አንድ ነበር። የኦኢኢ ቁጥር ኪሳራውን ይከፋፍልልናል፤ ኪሳራዎቹ እንዴት እንደሚዋለዱ ግን የሚታየው ማሽኑ አጠገብ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቲፒኤም ይገባል። በሰዓት 20 ጊዜ የሚቆም ማሽን ላይ 20 ጊዜ መካኒክ አይጠራም። መካኒኩ ቢመጣ እንኳ ሲደርስ ጠርሙሱ ወጥቷል፣ ማሽኑ እየሄደ ነው፤ የሚያየው ነገር የለም። መቆሙን የሚያየው፣ ድምፁን የሚሰማው፣ ከመሰንቀሩ በፊት ሐዲዱ ሲንቀጠቀጥ የሚያስተውለው ኦፕሬተሩ ነው። ሁሉን አቀፍ የሚለው ስም ከዚህ የመጣ ነው፤ ከሥራ መሪው እስከ ኦፕሬተሩ ድረስ ማሽኑ የሁሉም ጉዳይ ይሆናል። ከቲፒኤም ምሰሶዎች ውስጥ ይህንን የሚሸከመው የኦፕሬተር ጥገና የምንለው ነው። ሰባት ደረጃዎች አሉት፤ እኔ ሥራውን የሚሸከሙት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ እቆማለሁ።

አንደኛው ደረጃ የመነሻ ጽዳት ነው። ዓላማው ማሽኑ እንዲያምር አይደለም። የተጋገረ ግሪስና አቧራ ሲነሣ ከሥሩ የተሰነጠቀ ቅንፍ፣ የላላ ብሎን፣ የተበላ ቀበቶ፣ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ይወጣል። ጃፓኖች ማጽዳት መፈተሽ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። በጽዳቱ ጊዜ የተገኘው እያንዳንዱ እንከን ላይ ካርድ ይንጠለጠልበታል፤ ኦፕሬተሩ ራሱ የሚያስተካክለው በአንድ ቀለም፣ የመካኒክ እጅ የሚፈልገው በሌላ ቀለም። ካርዱ የሚነሣው እንከኑ ሲስተካከል ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ሳትቆልፉ እጅ አታስገቡ። ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ተዘግቶ ይቆለፋል፤ የታመቀው አየርም ይዘጋል፣ በቧንቧው የቀረውም ይለቀቃል። መብራቱ ቢጠፋም የቀረ አየር ሲሊንደሩን ሊገፋ ይችላል። ጥቃቅን መቆም የበዛበት ማሽን ጣት የሚቆርጥበት ምክንያትም አለው፤ ኦፕሬተሩ እየቸኮለ እጁን ማስገባት ይለምዳል።

ሁለተኛው ደረጃ የቆሻሻውን ምንጭ መዝጋትና ለማጽዳት የማይመቸውን ቦታ እንዲመች ማድረግ ነው። የሰንሰሩን መነጽር በየቀኑ ከመወልወል ጠብታው እንዳይደርስበት ትንሽ መከለያ ማድረግ ይሻላል። የመሪውን ሐዲድ ልክ በግምት ከመፈለግ ለግማሽ ሊትር አንድ፣ ለአንድ ሊትር አንድ ምልክት መቅረጽ ይሻላል። ይህ ምልክት የምርት ቅያሪውንም ጊዜ ያሳጥረዋል። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ጽዳቱ ማለቂያ የሌለው ሸክም ይሆናል፤ ኦፕሬተሩም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሰለቸዋል። ብዙ ቦታ ቲፒኤም ተጀምሮ የሚቀረው እዚህች ጋ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ደንብ ማውጣት ነው፤ የት ይጸዳል፣ የት ይቀባል፣ የቱ ብሎን ይፈተሻል፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ ይወስዳል። ደንቡን የሚጽፉት ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ናቸው፤ መካኒኩ ያስተምራል፣ ያርማል። የሚያስፈልገው ጊዜ በፈረቃው ውስጥ መመደብ አለበት። 10 ደቂቃ የሚፈልግ የጽዳት ደንብ አውጥቶ ጊዜውን አለመስጠት ደንቡን በወረቀት ላይ መግደል ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። መሪው ሐዲድ ጠብቆና ልኩ ተቀርጾ ከ12ቱ መሰንቀሮች 8ቱ ቀሩ እንበል። በሰዓት 20 የነበረው መቆም 12 ይሆናል፤ በፈረቃው 60 የነበረው ደቂቃ 36 ይሆናል። መሰንቀሩ ስለ ቀነሰ ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ወደ 200 መልሷል። 360 ሲቀነስ 36፣ 324 ደቂቃ፤ በ200 ሲባዛ 64,800 ጠርሙስ። አፈጻጸም ከ75% ወደ 90% ወጣ። ዝግጁነቱንና ጥራቱን እንዳሉ እንተዋቸው።

ኦኢኢ = 0.80 × 0.90 × 0.98 = 0.7056፣ ማለትም 70.6% ገደማ

ጥሩ ጠርሙስ 63,504 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው በ10,584 ይበልጣል፤ በአንድ ፈረቃ። አዲስ ማሽን አልተገዛም፣ ትርፍ ሰዓት አልተሠራም። የመክደኛው ብልሽትም ገና አልተነካም።

ይህ ቁጥር ግን የሚያሳስትበት መንገድ አለው። የመጀመሪያው የፍጥነት መነሻው ነው። አንዳንድ ቦታ 200 ደርሰን አናውቅም ተብሎ 180 እንደ ሙሉ ፍጥነት ይያዛል። በምሳሌያችን እንዲህ ብናደርግ አፈጻጸሙ 75% መሆኑ ቀርቶ 83% ይሆናል። አንድ ጠርሙስ ሳይጨመር ቁጥሩ አማረ፤ የ6,000ው ጠርሙስ ኪሳራ ግን ከዓይን ተሰወረ። መነሻው ማሽኑ የተሠራበት ፍጥነት ነው፤ ማሽኑ ከዚያ በላይ ሄዶ ጥሩ ምርት ሰጥቶ የሚያውቅ ከሆነ ያ የተረጋገጠው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። ለእያንዳንዱ የጠርሙስ መጠን መነሻው ይለያያል፤ የአንድ ሊትሩ ከግማሽ ሊትሩ ያንሳል። አፈጻጸሙ ከ100% በላይ የሚወጣ ሪፖርት ካያችሁ አትደሰቱ፤ መነሻው ተሳስቷል ወይም ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ቆጥሯል።

ሁለተኛው ከታቀደው ጊዜ ላይ የሚቀነሰው ነገር ነው። የምርት ቅያሪ የታቀደ ስለ ሆነ አይቆጠርብን የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። 35ቱን ደቂቃ ከ450 ላይ ብናወጣው ዝግጁነታችን 87% ገደማ ይሆናል፤ ቅያሪውን ወደ 15 ደቂቃ ለማውረድ የሚያነሣሣን ነገር ግን አይኖርም። ስለዚህ ይቆጠር። መብራት መጥፋቱም እንዲሁ ይከራክራል፤ የኦፕሬተሩ ጥፋት አይደለምና። የእኔ ምክር 15ቱ ደቂቃ በስሌቱ ውስጥ ይቆዩ፣ ነገር ግን በራሳቸው መለያ ይመዝገቡ ነው። እንዲህ ከሆነ ቡድኑ ባላጠፋው አይወቀስም፤ የሥራ መሪውም ጄኔሬተሩ ቶሎ አለመነሣቱ ምን ያህል ጠርሙስ እንደሚያስከፍለው ያውቃል። የመንፊያው ማሽን ቆሞ መሙያው ጠርሙስ አጥቶ ሲቆምም እንደዚሁ ነው። መቆሙ መሙያው ላይ ታየ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። መለያ ከሌለው የመሙያውን መካኒክ ያለ ጥፋቱ ታስቸግሩታላችሁ።

ሦስተኛው የንጽጽር ፈተና ነው። ናካጂማ የጠቀሰው ዒላማ በሰፊው ይታወቃል፤ ዝግጁነት 90%፣ አፈጻጸም 95%፣ ጥራት 99%፤ ሲባዙ 85% ገደማ። ይህ ሥርዓቱን በጥንካሬ ለተገበሩ ፋብሪካዎች የቀረበ ልክ ነው፤ ለሁሉም ማሽን የተሰጠ ሕግ አይደለም። በቀን አምስት ጊዜ ምርት የሚቀይር መስመር ከማይቀይር መስመር ጋር በአንድ ሚዛን አይለካም። የሦስቱን ብዜት ብቻ ማየትም ያስታል። ዝግጁነቱ አምስት ነጥብ ወጥቶ ጥራቱ አምስት ነጥብ ቢወርድ ኦኢኢው ብዙም ላይናወጥ ይችላል፤ ፋብሪካው ግን ውሃውን፣ ጠርሙሱንና ክዳኑን ሁሉ ጥሏል። ስለዚህ ሦስቱም ቁጥሮች ምንጊዜም አብረው ይቅረቡ። ማሽኑን ማነጻጸር ያለባችሁ ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ነው።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከፋው ቁጥሩን ለቅጣት መጠቀም ነው። ኦኢኢ ዝቅ ባለ ቁጥር ኦፕሬተሩ የሚጠራና የሚወቀስ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት የ40 ደቂቃው ብልሽት 25 ተብሎ ይጻፋል። የተጣሉት ጠርሙሶችም ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ይህንን በስሌቱ መለየት ይቻላል፤ የተጻፈው መቆም ሲቀንስ ዝግጁነቱ ይወጣል፣ ምርቱ ግን ስላልጨመረ አፈጻጸሙ በዚያው ልክ ይወርዳል። ዝግጁነት ወጥቶ አፈጻጸም የወረደበት፣ ጥሩው ምርት ደግሞ ባለበት የቀረበት ሳምንት ካያችሁ ማሽኑን ከመፈተሻችሁ በፊት ሰዎቻችሁ እውነቱን ለመጻፍ ለምን እንደ ፈሩ ጠይቁ።

ኦኢኢ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። የተገኘው 10,584 ጠርሙስ ገዢ አለው ወይ የሚለውን አይነግረንም። ገዢ ከሌለው ትርፉን ምርት መጋዘን ከመከመር ፈረቃውን ማሳጠር ወይም ለጥገና ጊዜ መስጠት ይሻላል። መስመሩን የሚገድበው ማሽን መሙያው ካልሆነም፣ ለምሳሌ ማሸጊያው ከሆነ፣ የመሙያውን ኦኢኢ ማሳደግ በኮንቬየሩ ላይ ጠርሙስ ከማጠራቀም አያልፍም። ስለዚህ መለካት የሚጀመረው መስመሩን ከሚገድበው ማሽን ነው።

ነገ ወደ ሥራ ስትመለሱ ሶፍትዌር እስኪገዛ አትጠብቁ። አንድ ማሽን፣ አንድ ፈረቃ፣ አራት ቁጥር ይበቃል፤ የታቀደው ደቂቃ፣ የቆመው ደቂቃ፣ የተመረተው ብዛት፣ የተጣለው ብዛት። አምስተኛው፣ ማሽኑ የተሠራበት ፍጥነት፣ ከማሽኑ የስም ሰሌዳ ወይም ከመመሪያ መጽሐፉ ይገኛል። አስሉት። አፈጻጸሙ ከሦስቱ ሁሉ ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ሌላ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ከኦፕሬተሩ ጋር አንድ ሰዓት ቆማችሁ መቆሞቹን ቁጠሩ፤ ወረቀቱንም እሱ ይያዘው። ከዚያ በኋላ የትኛው ብሎን መጀመሪያ እንደሚጠብቅ የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ ያንን ብሎን የሚያጠብቅበት ቁልፍ፣ ጊዜና ሥልጠና መስጠት ደግሞ የእናንተ ኃላፊነት ነው።